አንድ ኮከብ የተሰጠው መጋረጃ

እኔ ቱግ ባይ ሰው ነኝ። እናቴ «አንቺ እኮ ክብሪት ሳይጫርብሽ ትነጃለሽ» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም። ስለዚህ በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ያውም ሰው ሁሉ እያነበበኝ፣ ረጋ ብዬ መልስ የሰጠሁበትን ቀን ሳስታውስ ልኮራ ይገባኝ ነበር። ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር የሚመጣው ኩራት ሳይሆን ንዴት ነው። የተናደድኩት ደግሞ በሰደቡኝ ሴትዮ አይደለም።

በዚያን ጊዜ መርካቶ ውስጥ፣ ከዱባይ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሕንፃ ላይ የመጋረጃ ሱቅ ነበረኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ምድር ላይ ያለ ሱቅ ደንበኛው በግፊያ ብቻ ይገባለታል፤ እኛ ጋ ግን ደረጃውን የሚወጣ ሰው ወይ መንገድ የጠፋበት ነው ወይ የሚፈልገውን አጥብቆ የሚያውቅ ነው። አሳንሰሩ ከተተከለ ጀምሮ «በቅርቡ ይሠራል» ይባላል። እኛም እሱን የዕቃ ማስቀመጫ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረን።

እኔን ያኖረኝ ፌስቡክ ነው። ሰው ሁሉ እጁ ላይ ባለስክሪን ስልክ መያዝ ሲጀምር፣ ለሱቄ ገጽ ከፈትኩ። የሰቀልኩትን መጋረጃ ሁሉ ፎቶ እያነሳሁ እለጥፍ ነበር። ከሰሚት፣ ከጀሞ፣ ከየኮንዶሚኒየሙ ያሉ ሴቶች «ይሄ በሜትር ስንት ነው?» ብለው ይጽፉልኛል፤ ከዚያ ስልካቸውን ይዘው፣ ፎቶውን እያሳዩ፣ እያለከለኩ ደረጃውን ይወጣሉ። ገጹ ከተበላሸ ሱቁ የለም። ኪራዩም፣ የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያም፣ የመጋረጃ ሰፊዬ ደሞዝም የሚወጣው እዚያው ላይ ከተሰጡኝ ኮከቦች ነበር ማለት ይቻላል።

ከኔ ቀጥሎ ያለው ሱቅ የአበልጄ ነው። ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለታችንም ምድር ላይ ያለ አንድ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሻጮች ነበርን፤ ከአንድ ሳህን በልተናል፣ አንድ አሠሪ አብረን አምተናል። የየራሳችንን ስንከፍትም ጎን ለጎን ካልሆነ ብለን ነው። እሷም መጋረጃ ትሸጣለች። ሰው «ተፎካካሪ ናችሁ» ሲለን እንስቅ ነበር።

ጎን ለጎን መሆን መርካቶ ውስጥ ትልቅ ጥቅም አለው። ደንበኛ መጥቶ የሚፈልገው ጨርቅ ከጎደለኝ፣ «አረፍ ይበሉ፣ መጋዘን አለ» ብዬ ሹልክ እላለሁ። መጋዘኑ አበልጄ ሱቅ ነው። እሷም እንዲሁ ታደርጋለች። ይህን የማያደርግ የመርካቶ ነጋዴ ካለ አላየሁትም። እኛ ሁለታችን ግን ለዚህ ዓይነቱ ጨርቅ የራሳችን ስም ነበረን፤ «አማች» እንለዋለን። ከሌላ ቤት መጥቶ ከኛ ጋር የተጋባ ማለት ነው። ደንበኛ ፊት «ይሄ አማች ነው» ካለችኝ፣ ከማን እንደመጣ ለኔ ነገረችኝ፣ ለደንበኛው ግን ምንም አልነገረችም። ቃሉን የፈጠረችው እሷ ናት፤ ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን ያለፈ አንዲት ሴትዮ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ልጃቸውን ድረው ለመልሱ ቤታቸውን ያሳምራሉ። ገጹ ላይ ያዩትን የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ጨርቅ ፈለጉ፤ ለሳሎኑ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች። የኔ ጣቃ ለአንዱ መስኮት ብቻ የሚበቃ ሆነ። አበልጄ ጋ ሄድኩ። አለኝ አለች። «ያው ነው?» አልኳት። «አብሮ የገባ ነው፣ አንድ ካርቶን» አለችኝ።

መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ሁለቱን ጨርቅ አጠጋጋሁ፤ አንድ ናቸው። መጋረጃ የሚሸጥ ሰው ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ የቀለም ቁጥሩ አንድ ሆኖ ማቅለሚያው የተለያየ ጣቃ አለ። የፋብሪካው አንዱ ማቅለሚያ ትንሽ ቢለይ፣ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ጨርቅ ፀሐይ ላይ ሁለት ይሆናል። ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት ወስጄ ማየት ነበረብኝ። አበልጄ ነግራኛለች ብዬ አልወሰድኩትም። ሰፊው ሰፋው፣ ሴትዮዋ ወሰዱ።

ከመልሱ በኋላ ባለው ጠዋት፣ ሱቄን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ገጹ ላይ አንድ ኮከብ ተሰጥቶኛል። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ጠራራ ፀሐይ የገባበት ሳሎን፣ አንዱ መስኮት ወይራ አረንጓዴ፣ ሌላው መስኮት ወደ ሰማያዊ የሚሄድ አረንጓዴ። መሃል ላይ የተደረደሩ ወንበሮች። ጽሑፉም እንዲህ ይላል፤

«እነዚህ ሌቦች ናቸው! ለልጄ መልስ ያሰፋሁት መጋረጃ አንዱ መስኮት ሌላ፣ አንዱ መስኮት ሌላ ቀለም! አማቾቼ ፊት አዋረዱኝ። የሰው ደስታ ላይ የሚቀልዱ የመርካቶ ቀማኞች ናቸው። እንዳትሸወዱ!»

ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ሌባ? እኔ? ጣቶቼ ከኔ ቀድመው ይጽፉ ጀመር። «ሲገዙ ዓይንዎ የት ነበር?» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «ይሄን ያህል አማች የሚፈሩ ከሆነ ለምን ከውጭ አያስመጡም?» አልኩና እሱንም አጠፋሁት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ ደግሞ ማጭዱን ራሴ ገዝቼ፣ ካርድ ሞልቼ፣ እጄ ላይ ይዣለሁ። ከታች ሰዎች መጻፍ ጀምረዋል። «ድሮም መርካቶ» የሚል አለ። «እኔ ልገዛ ነበር፣ እግዜር አተረፈኝ» ትላለች አንዷ።

ስልኩን ይዤ አበልጄ ሱቅ ገባሁና እንባዬ መጣ። ፎቶውን አሳየኋት። አየችው፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ አቀፈችኝ። «አንድ ካርቶን አይደለም ወይ ያልሽኝ?» አልኳት። «እኔም እንደዚያ ነው የተባልኩት፣ አስመጪው ነዋ የዋሸኝ» አለች። አመንኳት።

«ሰርዢው» አለችኝ። «ብሎክ አድርጊያትና ይረሳል። የማን አሮጊት ናት! ቆይ፣ ሻይ ልዘዝልሽ» ብላ ስልኳን አንስታ መነካካት ጀመረች። ሻዩ ሲመጣ ጠጣሁና ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ልሰርዘው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጣቴ እላዩ ላይ ነበረች። ግን ፎቶውን እንደገና አየሁት። ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ቀለም ነው። እኚህ ሴትዮ ሱቄ ድረስ መጥተው እንዲህ ቢጮሁ ምን አደርግ ነበር? በሩን እላያቸው ላይ እዘጋለሁ? ሌላው ደንበኛ ሁሉ ቆሞ እያየ? የለም፤ እሰማቸዋለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ጨርቁን ተቀብዬ ራሴ አየዋለሁ። ከሴትዮዋ ይልቅ በዙሪያ የቆመው ሰው ነው የሚፈርድብኝ። ገጹም ላይ የቆመ ሰው ሞልቷል፤ ልዩነቱ ፊታቸውን አለማየቴ ብቻ ነው። ከሰረዝኩት ደግሞ ፎቶው ሴትዮዋ ጋ አለ፤ በማግስቱ «ሰረዙት!» ተብሎ ሌላ ቦታ ይለጠፋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጽሑፍ ወለምታማ እንዴት ይሆናል?

አንዴ ጨርቅ አጣጠፍኩ፣ አንዴ ወለል ጠረግኩ፤ ከዚያ ተቀምጬ ጻፍኩ፤

«እትዬ፣ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። በእንዲህ ያለ ቀን እንግዶችዎ ፊት ስላሳፈርንዎ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ፎቶውን አይተነዋል፤ የሁለቱ መስኮት ቀለም እንደሚለያይ ለኛም ይታየናል። መጋረጃውን ሁሉ ከአንድ ጣቃ አዲስ ሰፍተን እንቀይርልዎታለን፤ ካልፈለጉም ገንዘብዎን እንመልሳለን። ስልክዎን በውስጥ መስመር ቢልኩልን ዛሬውኑ እንደውላለን።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ «መብራት ጠፍቶ ስለነበር» የሚል ነበረው፤ እሱን አወጣሁት። መብራቱ ለሳቸው ሳሎን ምን ይጠቅማል?

ሴትዮዋ መለሱ፤ «ዛሬ ነው ይቅርታ? እንግዳው ከሄደ በኋላ?»

«እውነትዎን ነው፤ ያን ቀን መመለስ አንችልም። መጋረጃውን ግን ማስተካከል እንችላለን፣ ስልክዎን እንጠብቃለን» ብዬ ጻፍኩና ተውኩት። እንደ ኳስ ቅብብሎሽ አላደረግኩትም።

አንድ የማላውቀው ሰው ሊደግፈኝ ብሎ «እማማ፣ ዓይንሽን ታከሚ» ብሎ ጻፈባቸው። ሳላስበው ፈገግ አልኩ፤ ክፋቴን አልደብቅም። ከዚያ ግን «ወንድማችን፣ ስለ አሳቢነትህ እናመሰግናለን። ደንበኛችን ትክክል ናቸው፤ እባክህ አስተያየትህን አንሳልን» አልኩት። አነሳው። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ቁጥራቸው በውስጥ መስመር መጣልኝ። ስደውል ድምፃቸው ገና ያልበረደ ቢሆንም፣ «ነገ ይዤው እመጣለሁ» አሉ።

መጡ። መጋረጃውን በአንሶላ ቋጥረው አዝለው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው መጡ። ኮሪደሩ ጫፍ ወደ መስኮቱ ወስጄ ሁለቱን ዘርግቼ አየሁ። አፈርኩ። ዓይነ ስውር ካልሆነ በቀር ማንም ይለየዋል። አበልጄ ድምፅ ሰምታ ከሱቋ ብቅ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደንበኛዬን ጭምር ስማ ነበር ሰላም የምትለው። ያን ቀን ግን ሴትዮዋን አየት አደረገችና ተመልሳ ገባች። ሥራ ይዛ ይሆናል አልኩ።

ሴትዮዋን አስቀምጬ አዲስ የገባ ሙሉ ጣቃ አወረድኩ። ፀሐይ ላይ አሳየኋቸው፣ ወደዱት። ልባቸው ራራ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጣላሽ ነበር የመጣሁት» አሉ። «ያን ጽሑፌን ብታጠፊው ኖሮ ለማኅበርተኛዬ ሁሉ ነበር የምልከው። ግን መለስሽልኝ። ሳነበው እኔው አፈርኩ።»

ከዚያ ቦርሳቸውን ሲነካኩ ቆዩና መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ፣ እትዬ።»

«ስለ አማቾቼ ለሰው አውርተሻል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ የት አውቃቸዋለሁ?»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ስድብ ነው አይደል?» ስልካቸውን ሰጡኝ።

መልእክቱ በውስጥ መስመር የተላከላቸው ነው። «እትዬ፣ በደረሰብዎ ነገር አዝነናል። እዚያ ቤት የሚሸጠው አማች ነው፤ የራሷ ዕቃ የላትም። እኛ ጋ ይምጡ፣ በቅናሽ አሳምረን እንሠራልዎታለን።» የላከው ገጽ ላይ ያለው ፎቶ የሱቅ በር ነው። በሩን አውቀዋለሁ። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

«አማች ነው ትላለች» አሉ ሴትዮዋ። «የኔ አማቾች ምን አደረጓት? ጨዋ ሰዎች ናቸው!»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፤ ሴትዮዋ ስለ አማቾቻቸው ሲቆጡ ሳያቸው ሳቅኩ። ከዚያ የመልእክቱን ሰዓት አየሁ። የትናንት ጠዋት ነው፤ እኔ እሷ ሱቅ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ ሻይ ልዘዝልሽ ብላ ስልኳን ያነሳችበት ሰዓት ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሻይ እያጠጣ እንደሚጥል ግን ማንም አልነገረኝም።

የተለያየውን ጨርቅ አውቃ ሰጥታኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አስመጪው ዋሽቷት ይሆናል። እሱን ይቅር እል ነበር። ደንበኛ መጥራቷንም ምናልባት። ቃላችንን አውጥታ ለማታውቃት ሴት መስጠቷን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩም። ያ ቃል እኛ ነበርን።

«ስድብ አይደለም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ከጎረቤት ሱቅ የመጣ ጨርቅ ማለት ነው። አንደኛው መስኮት ከጎረቤት የወሰድኩት ነበር።»

ለሴትዮዋ ቀስ ብሎ ገባቸው። ጎረቤት ማለት ማን እንደሆነ ግድግዳውን አየት አድርገው አወቁት። «ታዲያ ጥፋቱ የሷ ነዋ!» አሉ፤ ንዴታቸው ተመልሶ መጣ። «ጻፊባት! ካልጻፍሽ እኔ እጽፍባታለሁ። ገጿን አገኘሁት እኮ!»

ልቤ «ይጻፉ» አለ። ለምን እዋሻለሁ? እሷ ገጽ ሥር አንድ ኮከብ ቁጭ ሲል፣ ጠዋት ጠዋት ከንፈሯን ስትነክስ ታየኝ። ግን ያን ፎቶ የሚያይ ሰው ጨርቁን ማን ለማን እንደሰጠ ምን ያገባዋል? ሴትዮዋ የገዙት ከኔ ነው። ያላየሁትም እኔ ነኝ። በሰው ፊት ጎረቤቴን ከጠቆምኩ፣ ያነበበው ሁሉ የሚያስታውሰው ሁለት የመርካቶ ነጋዴዎች ሲካሰሱ ነው። «ተዉት፣ እትዬ» አልኩ። «የሸጥኩልዎት እኔ ነኝ።»

አዲሱ መጋረጃ ተሰፍቶ፣ ሰፊው ራሱ ቤታቸው ሄዶ ሰቀለላቸው። ኮከቡን እንዲቀይሩ አልጠየቅኳቸውም፤ ያን መጠየቅ ልመና ይመስለኛል። ከሥሩ ግን እኔ ጻፍኩ፤ «የሁለቱ መስኮት ጨርቅ ከተለያየ ጣቃ ነበር፤ ሳንሰፋው በፀሐይ ብርሃን ማየት ነበረብን፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ዛሬ ተቀይሯል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ሴትዮዋ በራሳቸው ፈቃድ የአዲሱን ሳሎን ፎቶ ለጠፉና ኮከቡን አምስት አደረጉት። «ሰው ናት» ብለው ጻፉ። ያን ሳምንት ደረጃውን የሚወጣ ሰው በረከተ።

አበልጄም አነበበች። በራሷ ስም፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጋ፣ ከሥሩ ጻፈች፤ «አበልጄ! የአንቺን ታማኝነት እኔ ነኝ የምመሰክረው። እግዚአብሔር ይባርክሽ።» ቀይ ልቦች ደርድራበታለች። ሰዎች ወደዱላት። «እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጠን» ያለም አለ።

ብዙ ነገር መጻፍ እችል ነበር። ሴትዮዋ የተላከላቸውን መልእክት ፎቶ አንስተው ልከውልኛል፤ ስልኬ ውስጥ ነበር። አየሁት፣ ዘጋሁት። ከዚያ በገጹ ስም እንዲህ ብዬ መለስኩላት፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ሁልጊዜም እርስዎን ለማገልገል ዝግጁ ነን።»

ብዙም አልቆየች። ስልኳን እንደያዘች ሱቄ ገባች። እየሳቀች ነው የገባችው፤ ሳቋ ግን ፊቷ ላይ አልተቀመጠም።

«ምን ማለት ነው ይሄ? እኔን ‹እርስዎ›?»

«ገጹ ላይ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የምጽፈው።»

«እኔ ሁሉም ሰው ነኝ?»

ጨርቅ እየለካሁ ነበር። መቀሱን አስቀመጥኩ። ልጮህ እችል ነበር፤ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። «እትዬ ሰላም ብለውሻል» አልኳት። «መልእክትሽ ደርሷቸዋል። አማች ማለት ምን እንደሆነ እኔን ጠየቁኝ።»

ብትክድ ኖሮ ምናልባት አምናት ነበር። ብትምል፣ «ገጼን ሰው ሰብሮት ነው» ብትለኝ እንኳ አምናት ነበር፤ ለማመን ዝግጁ ነበርኩ። አልካደችም። ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወለሉን አየች።

«እኔስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይደለሁም?» አለች። «ያንቺ ገጽ ላይ ሰው ይጎርፋል። የኔን ደረጃ ማን ይወጣዋል?»

እውነቷን ነበር። ሱቋ ጭር ብሎ ይውል እንደነበር አውቅ ነበር፤ አብረን ሻይ ስንጠጣ አንድም ቀን ግን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ይህ ንዴቴን አላበረደውም፤ ጭራሽ አባሰው። «ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ልላት ፈለግኩ፤ መቀሱን ግን መልሼ አነሳሁ። ስትወጣ አልጠራኋትም።